«እንኳን አደረሰዎ» ለማያውቁት ሰው

«እንኳን አደረሰዎ» ስንል አድራሹ ማን ነው? እንጀራዬ ከአንዱ ቋንቋ ወደ ሌላው ቃል በማሻገር የሚገኝ በመሆኑ፣ ሌላው ሰው በበዓል ማለዳ ሳያስብበት የሚናገረውን ይህን አንድ ግሥ እኔ ደጋግሜ ፈትቼ አይቼዋለሁ። ባለቤቱ ሦስተኛ መደብ፣ ነጠላ፣ ተባዕት ነው፤ ስሙ ግን አልተጠራም። ተናጋሪውም ሰሚውም ፈጣሪ መሆኑን ያውቃሉና መጥራት አላስፈለገም። ተናጋሪው ራሱ በዐረፍተ ነገሩ ውስጥ የለም። ያደረሰው ሌላ፣ የደረሰው ሌላ፤ ሰላምታ አቅራቢው ከዳር ቆሞ «ደግ ሆነ» ብሎ የሚመሰክር ብቻ ነው።

እንግሊዝኛው እንዲህ አይደለም። ደንበኛ የሆነው የካርድ ዐረፍተ ነገሩ የሚጀምረው «እኔ» ብሎ ነው፤ መልካም ዓመት የምመኝልህ እኔ ነኝ ይላል። እዚህ ናይሮቢ የሚሸጡት የስዋሂሊ ካርዶችም «ናኩታኪያ» ሲሉ ያው «እመኝልሃለሁ» ማለታቸው ነው። ምኞት ደግሞ ከየት እንደመጣ የሚጠየቅ ነገር ነው። በቅጡ የማታውቀው ሰው መልካሙን ሁሉ ሲመኝልህ፣ ደስ ከመሰኘትህ ጋር «ምን አስቦ ይሆን?» ማለትህ አይቀርም። የአማርኛው ሰላምታ ግን ይህን ጥርጣሬ ገና ሳይነሣ ያስቀረዋል። የተደረገውን ያደረገው ፈጣሪ ነው፤ እኔ ካንተ የምፈልገው የለም፤ ወዳጅህ ነኝም አላልኩም። ለማያውቁት ሰው የሚቀርብ ሰላምታ ከዚህ የተሻለ ማዕዘን ሊኖረው አይችልም ብዬ አምናለሁ።

ሁለተኛው ነገር ጊዜው ነው። «እንኳን» የሚለው ቃል በዚህ አገባቡ የሚከተለው ያለፈ ድርጊት ነው። እንኳን ደስ አለዎ፣ እንኳን ደህና መጡ፣ ለወለደችም እንኳን ማርያም ማረችሽ እንላለን። ሁሉም የሆነ፣ የተፈጸመ ነው። ስለዚህ «እንኳን አደረሰዎ» በዋዜማው ማታ ወይም በዕለቱ እንጂ ከሳምንት በፊት አይባልም። ገና ያልደረሰን ሰው ደርሰሃል ማለት ይሆናል። አስቀድሞ መናገር ግድ ከሆነ «በሰላም ያድርስዎ» አለ፤ እርሱ ልመና ነውና ከመድረስ በፊት ይስማማል። ይህን የማነሣው ለሰዋስው ፍቅር ብዬ አይደለም። ኋላ እንደምንመለከተው «ደረስክ» የሚለው ቃል አንዳንድ ሰው ዘንድ ሲገባ ቁስል ይነካል።

የባለቤቱ ስም ባይጠራም ታዲያ የተቀባዩ ማንነት በግሡ ጅራት ላይ ተንጠልጥሏል። አደረሰህ፣ አደረሰሽ፣ አደረሰዎ፣ አደረሳችሁ። እንግሊዝኛ ተናጋሪው በአንዲት ቃል ሁሉን ሲሸኝ፣ እኛ አፋችንን ከመክፈታችን በፊት ሰውየው ማን እንደሆነ መወሰን አለብን። የበዓሉን ስም ስንጨምርበት ደግሞ ሃይማኖቱንም እንወስናለን። በደንብ ለምናውቀው ሰው ይህ ሁሉ ሳይታወቀን ይፈጸማል። ለማናውቀው አከራይ ወይም ጎረቤት ግን እያንዳንዱ ፊደል ውሳኔ ነው።

የ2018 አዲስ ዓመት ሲቃረብ፣ ጳጉሜን 3 ቀን፣ አንዲት ወጣት ወደ ቤቴ መጣች። እናቷን ከረዥም ጊዜ ጀምሮ አውቃታለሁ። ልጅቷ ናይሮቢ ተወልዳ ያደገች፣ በሒሳብ ሥራ የምትተዳደር፣ አማርኛን አቀላጥፋ የምትናገር፣ ስትጽፍ ግን እንደ አንደኛ ክፍል ተማሪ ፊደሉን እየለቀመች የምታሰፍር ናት። በዚያው ዓመት ከእናቷ ቤት ወጥታ የራሷን አፓርትማ ተከራይታ ነበር። የሕንፃው ባለቤት በኬንያ ብዙ ዘመን የኖሩ ኢትዮጵያዊ አዛውንት ናቸው፤ የሚኖሩትም በዚያው ሕንፃ ምድር ቤት ነው። ከእርሷ ጋር ፊት ለፊት የተያዩት ውል የተፈራረሙ ዕለት ብቻ ሲሆን፣ ከዚያ ወዲህ ኪራዩ በባንክ ይገባል፤ በደረጃው ሥር ሲገናኙ ራሳቸውን ዝቅ አድርገው ሰላምታ ይሰጣሉ፤ በቃ። «አንድ አገር ልጆች ሆነን በአዲስ ዓመት ዝም ብዬ ባልፍ ነውር አይሆንም?» አለችኝ። ነውሩ ምን ያህል እንደሆነ እንጃ፤ ሐሳቡ ግን ደግ ነው። ጽፋ ያመጣችውን ወረቀት እንዳይ ሰጠችኝ። እንዲህ ይላል፦

«ውድ ጋሼ፣ መልካም አዲስ አመት እመኝልሃለሁ። አንተ እና ቤተሰብህ ደስተኛ አመት እንዲኖራችሁ ተስፋ አደርጋለሁ። ጥሩ አከራይ ስለሆንክ አመሰግናለሁ። በነገራችን ላይ የማድ ቤቱ ቧንቧ አሁንም ያንጠባጥባል። ከብዙ ፍቅር ጋር።»

ሳቅ አልመጣብኝም። ወረቀቱ የአማርኛ ቃላት ለብሶ የቆመ እንግሊዝኛ ነው፤ ነገር ግን እንዴት እዚያ እንደደረሰ ግልጽ ነበር። ይህች ልጅ አማርኛን የተማረችው ቤት ውስጥ ነው። ቤት ውስጥ ደግሞ «እርስዎ» የሚባል ሰው የለም። አጎቷን «ጋሼ» ብላ «አንተ» ትለዋለች፤ በብዙ ከተሜ ቤተሰብ ዘንድ ይህ የተለመደና ሞቅ ያለ አነጋገር ነው። «እርስዎ»ን የሚያስተምረው ከቤት ውጭ ያለው ዓለም ነው፤ ቀበሌው፣ ሱቁ፣ ትምህርት ቤቱ፣ የጎረቤት ሽማግሌው። እርሷ ከቤት ስትወጣ የጠበቃት ስዋሂሊና እንግሊዝኛ ነበር። ስዋሂሊ አክብሮትን የማያውቅ ቋንቋ አይደለም፤ በባሕሩ ዳርቻና በታንዛኒያ ታናሽ ለታላቁ «ሺካሙ» ሲል «ማራሃባ» ተብሎ ይመለስለታል። ነገር ግን አክብሮቱ ያለው በሰላምታው ቃል እንጂ በተውላጠ ስሙ ውስጥ አይደለም። ታላቁም ታናሹም «ዌዌ» ናቸው። እንግዲህ በውጭ አገር ያደጉ ልጆቻችን «አንተ» ሲሉን ባለጌ ሆነው ሳይሆን፣ «እርስዎ» የሚባልበት መንገድ ላይ ስላልተራመዱ ነው።

ከላይ ጀምረን ወረድን። «ውድ» የሚለውን ሰረዝኩት። «ውድ» በእኛ ዘንድ የሚወደድ ሰው ነው፤ ለማያውቁት አከራይ «ውድ» ማለት ሌላ ትርጉም ባይሰጠውም፣ ገንዘብ የሚከፍል ሰው ሲጽፈው ወደ ኪራዩ ዋጋ የሚያሽሟጥጥ ሊመስልም ይችላል። (ይህን ስላት ግማሽ ደቂቃ ሳቀች።) «ጋሼ» የዝምድና ቃል ነውና የሚሰጠው ሰው ሲፈቅድ ነው፤ «ጋሽ እገሌ» ተብሎ ስም ሲከተለው ትንሽ ይርቃል፤ ሆኖም ሰፈሩ በሙሉ እንዲያ የሚላቸው ካልሆነ እርሱም ድፍረት አለው። «የተከበሩ» ደግሞ ከአዳራሽና ከምክር ቤት የመጣ ሽታ አለው። የቀረው «ለአቶ እገሌ» ነው። ደረቅ ነው፤ ነገር ግን አያሳስትም። ማዕረግ ቢኖራቸውስ? በውሉ ላይ የሰፈረው ስም ያለ ማዕረግ ነው፤ ሰውየው ራሳቸው የፈረሙበት ስም ስለሆነ እርሱን መከተል ተገቢ ነው።

«እመኝልሃለሁ» እና «ተስፋ አደርጋለሁ» ከላይ ባነሣሁት ምክንያት ወጡ። «ተስፋ አደርጋለሁ» እንዲያውም የባሰ ነው። በእኛ አነጋገር ተስፋ የሚደረገው ከሚሰጥ ሰው ነውና፣ ተከራይ ለአከራይ ሲጽፈው ደጅ መጥናት ይመስላል። በቦታው «ይሁንልዎ» ወይም «ያድርግልዎ» ገባ። እነዚህም እንደ «አደረሰዎ» ናቸው፤ አድራጊው ሌላ ነው፣ ጸሐፊዋ መሐል አልገባችም።

ቧንቧው ላይ ስንደርስ ተከራከረችኝ። «ሁለት ወር ሆኖታል፤ በዚያው ባስታውሳቸው ምን አለበት?» አለች። የአማርኛ ደብዳቤን ልማድ ለማያውቅ ሰው ምንም የለበትም። የእኛ ደብዳቤ ግን ከድሮ ጀምሮ በረዥሙ ሰላምታ ይጀምርና፣ ጤና ይስጥልኝ፣ እንደምን ሰንብተዋል፣ እኔ ደህና ነኝ ካለ በኋላ ነው «ዳሩ ግን» ብሎ ጉዳዩን የሚያነሣው። አቤቱታም እንዲሁ ነው። ስለዚህ በዕድሜ የገፋ የአማርኛ አንባቢ ያማረ ሰላምታ ሲያነብ ዓይኑ ወደታች ወርዶ ጉዳዩን ይፈልጋል። ካገኘው ሰላምታው መግቢያ ብቻ ሆኖ ይቀራል፤ ካላገኘው ነው ሰላምታው ሰላምታ የሚሆነው። ሰላምታው አጭር እንዲሆን የምመክረውም ለዚሁ ነው፤ የረዘመ እንደሆነ አንባቢው «ታዲያ ምን ልታዝዝ ነው?» እያለ ያነበዋል። ቧንቧው በሌላ ቀን፣ በሌላ ወረቀት ወይም በስልክ ይነገር አልኳት። ምስጋናውንም በዚሁ ምክንያት አወጣሁት። «ጥሩ አከራይ ስለሆኑ» ሲባል «እንዲሁ ይቀጥሉ» የሚል ማሳሰቢያ ከኋላው ይሰማል። በውሏ መሠረት ኪራዩ የሚከፈለው የአውሮፓውያኑ ወር በገባ በ5ኛው ቀን ነው፤ መስከረም 1 ቀን 2018 በእነርሱ ሴፕቴምበር 11 ቀን ዋለ። ኪራዩ ስድስት ቀን አስቀድሞ ስለተከፈለ ሰላምታውና ገንዘቡ አልተነካኩም። ይህም መልካም አጋጣሚ ነበር፤ ከኪራይ ጋር በአንድ ፖስታ የሚመጣ ሰላምታ የደረሰኝ ጠርዝ ላይ የተጻፈ ይመስላል።

ቀጥሎ የበዓሉ ስም መጣ። መስከረም 1 ቀን አራት ስም አለው፤ አንዱን መምረጥ ግድ ነው። «ቅዱስ ዮሐንስ» የኦርቶዶክሱ ምእመን ስም ነው። «ከዘመነ ማቴዎስ ወደ ዘመነ ማርቆስ አሸጋገረዎ» የሚለውም ከዚያው ወገን ነው፤ 2017 የማቴዎስ፣ 2018 የማርቆስ ነውና ልክ ነው፣ የሚያምርም ነው፤ ነገር ግን የወንጌላውያኑን ተራ ለማይቆጥር ሰው ባዕድ ነው። «እንቁጣጣሽ» የሕፃናትና የአበባ ጣዕም አለው፤ ለቤተ ዘመድ ይስማማል። የቀሩት «ዘመን መለወጫ» እና «አዲስ ዓመት» ናቸው። ሰውየው ክርስቲያን ይሁኑ ሙስሊም አታውቅም። ስማቸው አይናገርም፤ በአገራችን በሁለቱም ሃይማኖት ቤት የሚገኙ ስሞች ጥቂት አይደሉም፣ የእርሳቸውም ከእነርሱ አንዱ ነው። አዲስ ዓመት የሁሉም በመሆኑ ለመጀመሪያ ሰላምታ ከሌሎቹ በዓላት ሁሉ የሚመረጠው ይህ ነው። ለፋሲካ ወይም ለዒድ አል ፈጥር ሰላምታ ለማቅረብ ሰውየው የሚያከብሩት መሆኑን አስቀድሞ ማወቅ ያሻል፤ ለአዲስ ዓመት አያሻም። የፈጣሪንም ስም በዚሁ ልክ መረጥን። «እግዚአብሔር» ክርስቲያኑን፣ «አላህ» ሙስሊሙን፣ «ጌታ» ደግሞ ብዙውን ጊዜ ጴንጤውን ያስባል። «ፈጣሪ» ሁሉም ቤት ይገባል።

የፊደሉን ነገር ባጭሩ ልለፈው። «አመት» የሚለውን «ዓመት» አድርጋ እንድትጽፍ፣ «እርሶ» ሳይሆን «እርስዎ»፣ «አደረሶ» ሳይሆን «አደረሰዎ» እንድትል ነገርኳት። ወጣት አንባቢ ልዩነቱን ላያየው ይችላል። በዚያ ዘመን ትምህርት ቤት የተቀመጡ ሰው ግን መጀመሪያ የሚያዩት ይህን ነው፤ አይናገሩም፣ ያያሉ። እንዲህ አድርገን ጨረስን፦

«ለአቶ እገሌ፣ እንኳን ለአዲሱ ዓመት በሰላም አደረሰዎ። ዘመኑን የጤናና የሰላም ያድርግልዎ፣ ከመላው ቤተሰብዎ ጋር።»

ሁለት ዐረፍተ ነገር። ወረቀቱን አጥፋ ልትነሣ ስትል የመጨረሻዎቹ ሦስት ቃላት ያዙኝ። «ቤተሰባቸው ማን ማን ነው?» አልኳት። ውል የተፈራረሙ ቀን ባለቤታቸው ሻይ አቅርበውላት እንደነበር ታስታውሳለች። ከዚያ ወዲህስ? አላየቻቸውም። ለማናውቀው ሰው ስንጽፍ «ከመላው ቤተሰብዎ ጋር» የምንለው ወረቀቱ እንዳይጎድል ነው፤ ነገር ግን በሰላምታው ውስጥ ስለ ሰውየው ኑሮ አንድ ነገር እናውቃለን የሚለው ይህ ብቻ ነው። የማናውቀውን ደግሞ አለማለት ወይም ጠይቆ ማለት ነው። የጊቢውን ዘበኛ፣ በዚህ አገር ቋንቋ አስካሪውን፣ እንድትጠይቅ መከርኳት። የሕንፃን ነገር ከዘበኛ የተሻለ የሚያውቅ የለም።

ጳጉሜን 5 ቀን፣ በዋዜማው ማታ ደወለችልኝ። ድምፅዋ ተለውጧል። ባለቤታቸው በጁላይ ወር አርፈዋል። አስከሬናቸው ወደ ኢትዮጵያ ተወስዶ እዚያ ስለተቀበረ፣ ናይሮቢ ውስጥ ድንኳን አልተተከለም፤ ከተከራዮቹም አብዛኞቹ አልሰሙም። አዛውንቱ ከተመለሱ ሦስት ሳምንት ሆኗቸዋል። ጢማቸውን እንዳላጩ አይታ ነበር፤ እርጅና መስሏት አለፈችው። «እንግዲያው ልተወው?» አለችኝ።

ይህ ነው እንግዲህ ያ ሁሉ የግሥ ነገር ትርጉም የሚያገኝበት ቦታ። በሐዘን ላይ ያለ ቤት የዓመቱን በዓላት እንደወትሮው አያከብርም። የሚጎበኘው ዘመድና ጎረቤት ምግብ ይዞ ሄዶ አብሮ ይቀመጣል እንጂ፣ ከደጃፍ ቆሞ በሞቀ ድምፅ «እንኳን አደረሰዎ» አይልም። ምክንያቱ ደስታ ስለማይገባ ብቻ አይመስለኝም፤ ቃሉ ራሱ ስለሚናገር ነው። «አደረሰዎ»፤ እርስዎን አድርሷል። አብራ የነበረችው አልደረሰችም። በሌላ ቀን ተናጋሪውን ከዐረፍተ ነገሩ አውጥቶ ከጥርጣሬ የሚያድነው ያ ውብ አሠራር፣ ዛሬ ፈጣሪን ብቻውን ከሐዘንተኛው ጋር ያፋጥጠዋል። አንዱን አድርሰህ ሌላዋን ለምን አስቀረህ?

መተውም አልተስማማኝም። ሳትሰማ ዝም ብትል ማንም አይወቅሳትም ነበር። አሁን ግን ሰምታለች። አንድ ደረጃ እየተጋራች ሐዘናቸውን አውቃ ዝም ማለቷ፣ ዘበኛው እንደነገራት በነገራቸው ቀን ይታወቃል። ዘበኛ ደግሞ ይናገራል። ስለዚህ ወረቀቱ ይሂድ፣ ነገር ግን ሌላ ወረቀት ሆኖ ይሂድ አልኳት፤ በስልክ እየተቀባበልን እንደገና ጻፍነው።

«እንኳን» ሙሉ በሙሉ ወጣ። ሐዘኑ ይቀድማል፤ አዲሱን ዓመት አስቀድሞ ሐዘኑን ማስከተል «በነገራችን ላይ» ማለት ይሆናል። «ነፍስ ይማር» ልትል ፈልጋ ነበር። ደግ ቃል ነው፤ ግን በሁሉም ሃይማኖት አይባልም። ሙስሊሙ በራሱ ቃል ምሕረት ይለምናል፤ ፕሮቴስታንቱ ለሞተ ሰው እንዲህ ብሎ አይለምንም። «ያጽናዎ» ግን ለሚኖረው ሰው የሚባል ስለሆነ ማንም አይከለክለውም። እናቷ ከጎን ሆና «ዕድሜና ጤና ይስጥዎ በይ» ስትላት ሰማሁ። ከሚስቱ በኋላ ብቻውን ለቀረ ሽማግሌ፣ በሁለተኛው ወር፣ ዕድሜ መመረቅ አልታየኝም። ጤናው ይበቃል አልኩ፤ እናቷም ጥቂት ዝም ብላ «እውነትህን ነው» አለች። የቀረው አንድ ነገር ነበር። ያላቀረበችው ልቅሶ። ሁለት ወር ያለፈውን ሐዘን ዛሬ ስታነሣ፣ እስከ ዛሬ ለምን ዝም እንዳለች መናገር አለባት፤ ይህም በአንድ ቃል ይነገራል፣ ዘግይቼ ሰማሁ ማለት ነው። ማስተባበያውን ማስረዘም ግን ወሬውን ከእርሳቸው ሐዘን ወደ እርሷ ጭንቀት ያዞረዋል። እንዲህ ሆኖ ቀረ፦

«መስከረም 1 ቀን 2018 ዓ.ም.
ለአቶ እገሌ፣
ሐዘንዎን ዘግይቼ ሰማሁ። ፈጣሪ ያጽናዎ።
አዲሱ ዓመት የመጽናናት ይሁንልዎ፤ ጤናዎን ይጠብቅልዎ።
አክባሪዎ፣
እገሊት፣ ከሁለተኛው ፎቅ»

«ከአክብሮት ጋር» የሚለው መሥሪያ ቤት ስለሚሸት «አክባሪዎ» አልን። ፎቁን የጻፈችው ስሟን ላያስታውሱት ስለሚችሉ ነው፤ አንባቢውን «ይህች ደግሞ ማን ናት?» ከማለት ማዳን ራሱ አክብሮት ነው። በእጇ ጻፈችው። ፊደሏ ጎበጥ ጎበጥ ያለ ነው፤ እኔ ልጽፍላት ብጠየቅም እምቢ አልኩ። በስልክ የሚዘዋወረው የአደይ አበባ ሥዕል ለሺህ ሰው አንድ ሆኖ ይላካል፤ የአንዲት ልጅ ጎባጣ ፊደል ግን ለአንድ ሰው ብቻ የተጻፈ መሆኑን ማንም ያየዋል።

አሰጣጡም ታሰበበት። በበር ሥር ማሾለክ የመብራት ሒሳብ ይመስላል፤ በዘበኛ መላክም ርቀቱን ያበዛል። በማግስቱ ሐሙስ ነበር፤ በናይሮቢ ተራ የሥራ ቀን ነው። ጠዋት እንዳትሄድ፣ ሐዘንተኛን ከእንቅልፉ ማስነሣት እንዳይሆን፣ ከሥራ መልስ አመሻሽ ላይ እንድትሄድ ተስማማን። አበባ አትያዝ፤ እንቁጣጣሽ ሌላ ዓመት ይደርሳል። ወረቀቱን በሁለት እጇ ትስጥ፣ «ያጽናዎ» ትበል፣ ግቢ ካላሏት አትግባ፣ ግቢ ካሏት ደግሞ «ቸኩያለሁ» አትበል።

ግቢ አሏት። ጥቂት ተቀመጠች። ቤቱ ጨለም ያለ፣ ንጹሕ፣ ቡና ያልፈላበት ነበር አለችኝ። ሰውየው መነጽራቸውን ፈልገው ወረቀቱን ቆመው አነበቡ፤ አራት መስመር ለማንበብ ከሚወስደው ጊዜ በላይ ቆዩ። ከዚያም አጥፈው ደረት ኪሳቸው ከተቱት። «የማን ልጅ ነሽ?» አሏት። የእናቷን ስም ነገረቻቸው፤ አላወቋቸውም። የአባቷን አገር ጠየቁ፤ እርሱን አወቁ። ባለቤታቸውን አላነሡም፤ እርሷም አላነሣችም። ልትወጣ ስትነሣ እስከ በሩ ሸኝተዋት፣ ከእርሷ ያልሰሙትን ሰላምታ ራሳቸው ተናገሩት። «እንኳን አብሮ አደረሰን፣ ልጄ» አሏት።

ይህ አባባል በደንቡ መልስ ነው፤ «እንኳን አደረሰዎ» ላለ ሰው የሚመለስ እንጂ የሚጀመርበት አይደለም። እርሷ ደግሞ አላለችም። ሰውየው ያልተጠየቀ ነገር እንደመለሱ አውቀውት ይሁን ሳያውቁት አልጠየቅኩም፤ የሚጠየቅም አይደለም። «አደረሰን» ብለው ከደረሱት መካከል እርሷን ቆጠሯት። ልጅቷ ስትነግረኝ «ልጄ» የሚለው ቃል ነበር የደነቃት፤ እኔን ደግሞ የመጨረሻዋ «ን»።

ከሳምንት በኋላ ስለ ቧንቧው ደወለችላቸው፤ ጠጋኝ ላኩ። ይህን የምጽፈው ተጠይቄ ስለነበር ነው፤ ወረቀቱና ቧንቧው ግንኙነት የላቸውም፣ እንዳይኖራቸውም ብዙ ደክመናል።

አሁን የያዛት ጥያቄ የገና ነው። «ጋሼ ልበላቸው?» ብላኛለች፤ «ልጄ» ካሏት በአፍ ትበላቸው፣ በወረቀት ግን ጥቂት ትቆይ ብያለሁ። ትልቁ ጥያቄ ሌላ ነው። ዘበኛው እሑድ እሑድ ጠዋት ነጭ ለብሰው እንደሚወጡ ነግሯታል፤ ወዴት እንደሚሄዱ ግን አያውቅም። ነጭ ልብስ ብቻውን ማስረጃ አይሆንም። ቢያከብሩስ የትኛውን ገና? ኬንያ የምታከብረው በዲሴምበር 25 ነው፤ የእኛ ታኅሣሥ 29 ነው፤ በዚህ አገር ብዙ ዘመን የኖረ ሰው በሁለቱም፣ በአንዱም፣ በየትኛውም ላያከብር ይችላል። በዲሴምበሩ ቀን በደረጃው ሥር ሲያገኟት የሚሏትን ትስማ፣ እርሳቸው ካነሡት ትመልስ፣ ዝም ካሉ እስከ ታኅሣሥ 29 ትጠብቅ አልኳት። ያን ቀንም ዝም ካሉ መስከረም ሩቅ አይደለም።